ካለፈው ቃለ ጉባኤ በይደር ስለቆዩ ጉዳዮች አጻጻፍ
(በወርሃዊው ስብሰባ የዕድሩ ጸሐፊ ያሰሙት ንግግር፤ ላልተገኙ አባላት ሲባል በሰሌዳ የተለጠፈ)



ባለፈው ሐምሌ አንዲት እናታችንን በቀበርን ጊዜ ግማሹ ለቀስተኛ ከድንኳን ውጭ ዝናብ ሲደበድበው ውሏል። የእንጅባራን ክረምት ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ታዲያ በዚያን ቀን ሁላችንም «አዲስ ድንኳን ይሰፋ ብለን ወስነን አልነበረም ወይ?» ተባባልን። እኔም መዝገቡን ገልጬ ሳይ ጥፋቱ የብዕሬ ሆኖ አገኘሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቃለ ጉባኤ ቁጥር 4፣ በተራ ቁጥር 3፣ አሮጌው ድንኳን እንዲጠገን፣ አንድ አዲስም እንዲሰፋና ሁለት አባላት ዳንግላ ወርደው ዋጋ እንዲጠይቁ ተወስኗል። በቁጥር 5 ላይ ውሳኔውን እንደገና ስገለብጠው «ስለ ድንኳን ጥገናና ዋጋ ስለ መጠየቅ» ብዬ አሳጠርኩት። በቁጥር 6 «ድንኳኑ እንዲጠገን» ብቻ ሆነ። በቁጥር 7 ተጠግኖ መጣና «ተፈጽሟል» ብለን ዘጋነው። አዲሱ ድንኳን ይቅር ያለ ሰው የለም፤ በግልበጣ መካከል ጠፋ እንጂ።

ከዚህ የምንማረው፣ የቆየን ውሳኔ በየወሩ መልሶ መጻፍ ለጥንቃቄ ቢመስልም አንዱን ውሳኔ ሁለትና ሦስት እንደሚያደርገው ነው። በኋላ ጠብ ቢነሳ የትኛው ቃል ይጸናል? ስለዚህ ውሳኔው በተወሰነበት ገጽ ላይ ብቻ ይኑር፤ ወደሚቀጥለው ስብሰባ የሚሻገረው ቁጥሩ፣ አጭር ርእሱና አዲስ የሆነው ነገር ነው። የድንኳኑ ጉዳይ በቁጥር 5 ላይ እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ ይበቃ ነበር፤

«4/3 ድንኳን፦ ጥገናው ተጀምሯል። የአዲሱ ዋጋ አልተጠየቀም። ዋጋ እንዲጠይቁ የተመደቡት አባላት ለሚቀጥለው ስብሰባ ያቅርቡ። በይደር።»

4/3 ማለት የቃለ ጉባኤ ቁጥር 4፣ ተራ ቁጥር 3 ማለት ነው። ጉዳዩ እስከ ቁጥር 9 ቢቆይ እንኳ ስሙ 4/3 ነው፤ አዲስ ቁጥር አይሰጠውም። ቃሉን ማየት የፈለገ ቁጥር 4ን ይገልጣል።

እያንዳንዱ የቆየ ጉዳይ ከሦስት አንዱን መልስ ማግኘት አለበት፤ ተፈጸመ፣ በጉባኤው ውሳኔ ተሰረዘ፣ ወይም በይደር ተላለፈ። ዝም ብሎ መጥፋት የለም። ይህንንም ማንም አባል በጣቱ ቆጥሮ ሊያጣራ ይችላል። ባለፈው ወር አምስት ጉዳዮች ካደሩና ዛሬ ሁለቱ ከተዘጉ፣ ሦስቱ በይደር ሊታዩ ይገባል። ሁለት ብቻ ካያችሁ አንዱ ወድቋልና «ጸሐፊ፣ አንዷ የት ገባች?» በሉኝ። ይሁን እንጂ ቆጠራው ሙሉ ጉዳይ ሲጠፋ እንጂ እንደኛው ድንኳን ግማሹ ሲጠፋ አያሳይም። ስለዚህ «ተፈጸመ» ከማለታችን በፊት የመጀመሪያው ገጽ ተገልጦ ይነበብ።

ሁለት ነገሮችም ከዚህ ክፍል ጋር አይደባለቁ። ያለፈው ቃለ ጉባኤ ስሕተት ካለበት የሚታረመው ሲጸድቅ ነው፤ ይደሩ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ውሳኔውን መለወጥ የፈለገ ደግሞ፣ ለምሳሌ አዲሱ ድንኳን ቀርቶ በገንዘቡ ወንበር ይገዛ የሚል፣ ራሱን የቻለ አጀንዳ ያስይዝ። በይደር ክፍል ውስጥ የሚጠየቀው «ምን ተሠራ?» ነው፤ «ለምን ወሰንን?» አይደለም።

አሜሪካዊው መኮንን ሄንሪ ሮበርት በ1876 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የስብሰባ ደንብ መጽሐፍ መሠረት በሚሠሩ ማኅበራት ዘንድ፣ ሰብሳቢው «ካለፈው የቀረ ነገር አለ?» ብሎ ጉባኤውን አይጠይቅም፤ ያደረውን ራሱ ከመዝገብ አውቆ በየተራ ይጠራል። ለእኛም ይህ ይበጀናል። እንደዚያ ብለን በጠየቅን ቁጥር ያለቀ ክርክር ይነሳል፤ ያላለቀው ደግሞ አስታዋሽ አጥቶ ይቀራል። በመሆኑም ዳኛችን ከእንግዲህ ዝርዝሩን ከእኔ ተቀብለው በቁጥር ይጠራሉ።

ይህ አሠራር አንድ ድካም አለው። መዝገቡ ከጠፋ 4/3 ባዶ ቁጥር ነው። ስለዚህ መዝገቡ በየስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ፤ ኮሚቴ ሲለወጥም ገጹ ተቆጥሮ ይረከብ።

በስሕተት የተዘጋውን 4/3 ዛሬ መልሼ አቅርቤዋለሁ። የሚቀረው የአዲሱ ድንኳን ዋጋ ነው፤ ክረምት ሳይገባ እንጨርሰው።