ቻኦ፦ መምጣት ነው ወይስ መሄድ?
(ለአዲስ የጣሊያንኛ ተማሪዎች በሮም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማወራው ስለ አንዲት ቃል ነው። ሁላችንም ከአገር ቤት ይዘናት መጥተናል፤ ገና አፋችንን ስንፈታ እጃችንን እያወዛወዝን «ቻው» ብለናል። ነገር ግን በሻንጣችን የመጣችው ግማሿ ብቻ ናት። በአማርኛ ቻው የሚባለው ሲለያዩ ነው። ጣሊያኖቹ ግን ሲገናኙም ሲለያዩም ይሏታል።

አጭር ታሪክ ላጫውታችሁ። ለተማሪዋ ስም አላወጣሁላትም፤ ከእኛ ከብዙዎቻችን ጥቂት ጥቂት ተውሼ የሠራኋት ናት። ትምህርት በጀመረች በሁለተኛው ወር አንዲት አሮጊት ሲኞራ የምትጦር ሴት እንደሚፈለግ ሰማች። ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ነይ ተባለች። አራተኛ ፎቅ በደረጃ ወጥታ ደወሉን ስትጫን የሲኞራዋ ልጅ ስልክ ጆሮዋ ላይ እንደያዘች በሩን ከፈተች፤ ፈገግ ብላ «ቻኦ!» አለቻትና ፊቷን አዙራ ወደ ውስጥ ገባች።

ተማሪዋ ደፉ ላይ ቆመች። ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል ማለት ነው ብላ አሰበች። ደግሞ እየሳቁ ማባረር! እሷም በትሕትና «ቻው» አለችና ደረጃውን ወረደች። አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ስትደርስ ስልኳ ጮኸ፤ «ዶቬ ሴይ?» የት ነሽ? ልጅቱ በሩን ክፍት ትታ ቡና እያፈላች ነበር።

እዚህ ላይ ከታሪኩ ልውጣና ቃሏን እንያት። ቻኦ የቬኒስ ሰዎች ቃል ናት። በጥንቱ ንግግራቸው «ባሪያዎ ነኝ» ይባባሉ ነበር፤ እኛ በደብዳቤ መጨረሻ «ታዛዥዎ» እንደምንለው ማለት ነው። ያ አነጋገር እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ ቻኦ ሆነ። አንዳንድ እኅቶች ይህን ሲሰሙ «ታዲያ በሰው ቤት እየሠራሁ ባሪያሽ ነኝ ልላት ነው?» ብለው ይቆጣሉ። አይደለም፤ ያኔም ጌቶቹ እርስ በርሳቸው የሚባባሉት የአክብሮት ቃል ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ያን ትርጉም ልብ የሚል የለም። ለእኛ የሚጠቅመን ሌላው ነገር ነው። ቃሏ ስትፈጠር «መጣሁ» ወይም «ሄድኩ» አትልም፤ እጅ መንሻ ናት። እጅ ደግሞ ሲገቡም ሲወጡም ይነሣል። የእኛው «ጤና ይስጥልኝ»ም እንዲሁ ነው፤ ምርቃት ስለሆነ ስንገናኝም እንለዋለን፣ ስንሰናበትም እንለዋለን፤ ማንም ግራ ሲጋባበት አላየሁም።

ታዲያ የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል? ቀጥሎ የሚመጣውን ስሙ። «ቻኦ፣ ኮሜ ስታይ?» ደህና ነሽ ወይ ነው፤ ጨዋታው ገና መጀመሩ ነው። «ቻኦ፣ አ ዶማኒ» እስከ ነገ ነው፤ መሰነባበት ነው። ቃሏ ከተደጋገመች፣ በተለይ በስልክ «ቻኦ ቻኦ ቻኦ» ከተባለ፣ ሊዘጉት ነው። ምንም ካልተከተለ ደግሞ እንደዚያን ቀን በሩን እዩ፤ ተከፍቶ ከተተወላችሁ ግቡ።

ወደ ተማሪዋ ልመለስ። ተመልሳ ወጣች፣ ሥራውንም ጀመረች። በማግስቱ ጠዋት አሁንማ ገብቶኛል ብላ አሮጊቷን «ቻኦ!» አለቻቸው። ሲኞራዋ ቀና ብለው አይተዋት ቀስ ብለው «ቡዎን ጆርኖ» አሉ። ፊታቸው አልተፈታም።

ይኼኛው ከመጀመሪያው ይከፋል፤ ያኛው አሳቀ፣ ይህ ግን ሰው ያስቀይማል። ቻኦ የሚባለው «ቱ» ለምንለው፣ ማለትም አንተ ወይም አንቺ ለምንለው ሰው ነው። «ሌይ» ለሚባል፣ በእኛ እርስዎ ለሚባል ሰው ሲገቡ «ቡዎን ጆርኖ»፣ ሲወጡ «አሪቬደርቺ» ይባላል። ከሰዓት በኋላ ወደ ማታው ሲሆን «ቡዎና ሴራ» ነው። «ቡዎና ኖቴ» ግን ለመሰነባበትና ለመኝታ ብቻ ናት፤ ማታ ወደ ቤት ስትገቡ እንዳትሏት። ሰውየው የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ መልሱን አድምጡ፤ ቻኦ ብላችሁ ቡዎን ጆርኖ ከተመለሰላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ እናንተም ቡዎን ጆርኖ በሉ። ሲኞራዋ ያሉት ይህንኑ ነበር፣ በአንድ ቃል።

ተማሪዋ ነገሩን በእርስዎ መዝና ወዲያው ተረዳችው። ከጥቂት ወራት በኋላ አሮጊቷ ራሳቸው «ቱ በይኝ» አሏት። ደስ አላት፣ ግን አልቻለችም፤ የሰማንያ ዓመት ሴት አንቺ ማለት ከአፏ አልወጣ አላት። ጠዋት ስትገባ አሁንም «ቡዎን ጆርኖ ሲኞራ» ትላለች። ሐሙስ ከሰዓት፣ የዕረፍቷ ሰዓት ሲደርስ ግን ደረጃው ላይ ሆና በአገሯ ልማድ ቻው ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ከውስጥ «ቻኦ፣ ቻኦ» ይሏታል።