የሚከፍል ወላጅና የተማሪ መዝገብ፦ የአሜሪካው ሕግ ምን ይላል?



በአሜሪካ ልጆቻቸውን በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ወገኖቻችን ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፦ «የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ውጤቱን ለምን አላይም?»

ጉዳዩን የሚገዛው በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣውና በምህጻሩ «ፌርፓ» የሚባለው የፌዴራል ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት በትምህርት መዝገብ ላይ ያለው መብት ተማሪው 18 ዓመት ሲሞላው ወይም ኮሌጅ ሲገባ ከወላጅ ወደ ተማሪው ይሸጋገራል። በ17 ዓመቷ ኮሌጅ የገባች ልጅም የመዝገቧ ባለመብት ራሷ ናት። ክፍያውን ማን ፈጸመ የሚለው ጥያቄ ይህን አይለውጠውም።

አንዲት እናት እንውሰድ። ልጃቸው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ሴሚስተሩ ሲያበቃ ወደ ሬጅስትራር ደውለው ውጤቷን ይጠይቃሉ። ሠራተኛው አይነግራቸውም። ደዋይዋ በእርግጥ እናቷ ስለመሆናቸው በስልክ ማወቅ አይችልም፤ ቢያውቅም እናትነት ብቻውን አይበቃም።

ቀጥተኛው መንገድ የልጅቷ የጽሑፍ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ፊርማና ቀን ሊኖረው፣ የትኛው መዝገብ፣ ለምን ዓላማና ለማን እንደሚሰጥም ሊገልጽ ይገባል። ሌላው መንገድ የግብር ነው። ወላጅ ልጁን በፌዴራል የገቢ ግብር ሕግ ጥገኛ አድርጎ ካስመዘገበ፣ ተቋሙ ያለ ተማሪው ፈቃድ መዝገቡን ሊገልጽለት ይችላል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ ሕጉ «ይችላል» አለ እንጂ «ይገደዳል» አላለም። እናቲቱ የግብር ማስታወቂያቸውን ቅጂ ይዘው ቢሄዱም ዩኒቨርሲቲው የልጅቷን ፈቃድ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። እኔ ይህን አሠራር አልነቅፍም፤ ተቋሙ በየቤተሰቡ ውስጥ ያለውን ሁኔታ አያውቅምና።

የክፍያ ሒሳብም እንዲሁ የተማሪው መዝገብ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው ተማሪው በኢንተርኔት «የተፈቀደለት ከፋይ» እንዲሰይም ያደርጋሉ። የተሰየመው ሰው ዕዳውን አይቶ ይከፍላል፤ ውጤት ግን አይታየውም። በዚህ የተነሣ ለሁለት ሴሚስተር የከፈለ አባት፣ ልጁ ትምህርት ማቋረጡን ዘግይቶ ሊሰማ ይችላል።

ወላጅ ያልሆነ ደጋፊስ? ከውጭ አገር ገንዘብ የሚልክ አጎት የግብሩ መንገድ አይሠራለትም፤ ያ ለወላጅ ብቻ የተተወ ነውና። ያለው አማራጭ የተማሪው ፈቃድ ነው። ተማሪው ያመለከተበት ወይም የተቀበለው የነጻ ትምህርት ዕድል ሲሆን ግን ሕጉ ጠበብ ያለ በር ይከፍታል፦ ብቁነትን፣ የድጋፉን መጠንና ቅድመ ሁኔታ ለመወሰን ወይም ግዴታውን ለማስፈጸም አስፈላጊ የሆነው መረጃ ያለ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል። ዕድሉ በአማካይ ውጤት ላይ የተመሠረተ ከሆነ፣ ለጋሹ ተማሪው መስፈርቱን ማሟላቱን ሊያውቅ ይችላል፤ በየትኛው ኮርስ እንደወደቀ ግን ለዚህ ውሳኔ ካላስፈለገ አይነገረውም።

ለወላጆች የምመክረው፣ ስለ ፈቃዱ ከልጃቸው ጋር የመጀመሪያው ክፍያ ሳይፈጸም እንዲነጋገሩ ነው። ልጁ ፈቃዱን በኋላ ሊያነሣው እንደሚችልም ከወዲሁ ይወቁ።