ከአንድ ኩንታል አተር ሦስት መንገድ፦ መሥራት፣ ማገልገል ወይስ ገዝቶ መሸጥ?
(በቀድሞ ምሩቃን የመገናኛ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)



ከዚህ ቤት ተመርቀን ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ የተመደብን ሰዎች ስንገናኝ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «ደመወዙ አልበቃም፤ ጎን ለጎን ምን ልሥራ?» የሚለው ነው። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ «ምን ያተርፋል?» ወደሚል ሌላ ጥያቄ ይሄዳል። እኔ ዛሬ ማለት የምፈልገው ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ለደመወዝተኛ የመጀመሪያው መሆን እንደሌለበት ነው። ለእኛ ከብር ይልቅ የሚያጥረን ሰዓት ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን «የትኛው ሥራ ስንት ሰዓቴን ይበላል? ብሬንስ ስንት ወር ይዞብኛል?» ብለን ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ሦስቱንም መንገድ በአንድ እህል ላይ እንሞክራቸው። እህሉ የላይ ጋይንት ደጋ የሚያበቅለው አተር ይሁን። ወገዳ ያላችሁ ሽምብራ ብትሉት ስሌቱ ያው ነው። አንዲት ነፋስ መውጫ የምታስተምር መምህርት እናስብ። 30,000 ብር ቆጥባለች፤ ከሥራዋ ውጭ በሳምንት 12 ሰዓት አላት። የምጠቅሳቸው ዋጋዎች ለስሌት የወሰድኳቸው ናቸው፤ እናንተ የገበያችሁን ተኩበት።

የመጀመሪያው መንገድ ገዝቶ መሸጥ ነው። ታኅሣሥ ላይ፣ እህል ከአውድማ ሲገባ፣ ሦስት ኩንታል በ8,000 ብር ሒሳብ ትገዛለች፤ 24,000 ብር። አየር ለማያስገባ ከረጢትና ለማጓጓዣ 1,500 ብር ታወጣለች። ሐምሌ ላይ ኩንታሉን በ10,000 ብትሸጥ ወጪው ተቀንሶ 4,500 ብር ይቀራታል። የሚፈጅባት ጊዜ ለመግዛት፣ ለመከታተልና ለመሸጥ በድምሩ 20 ሰዓት ያህል ነው። በሰዓት 225 ብር ማለት ነው፤ ለደመወዝተኛ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን አብዛኛው ብሯ ለሰባት ወር ታስሯል። መሐል ላይ ሰው ቢታመምባት አተሩን በወቅቱ ዋጋ ከመሸጥ ሌላ ምርጫ የላትም። ዋጋውም 8,500 ላይ ቢቆም ትርፏ ዜሮ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የአተር ነቀዝ ወደ ፍሬው የሚገባው ገና ማሳ ላይ እያለ ነው። ስለዚህ ስትገዙት ንጹሕ የሚመስል አተር ትሉን በሆዱ ይዞ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ልጣጩ ላይ የምትታይ ጥቁር ነጥብ ናት። ከእያንዳንዱ ጆንያ ከላይም ከመሐልም ከሥርም ዘግናችሁ ሃያ ሠላሳ ፍሬ ለሁለት ሰንጥቁ፤ ውስጡ የተቦረቦረ ከበዛ ተዉት። በጥርስ ሲነክሱት ከመሰንጠቅ ይልቅ የሚለመጥጥ ከሆነ ደግሞ አልደረቀም፤ አየር በማያስገባ ከረጢት ከታሰረ ይሻግታል። ከረጢቱም የሚሠራው ካልተከፈተ ብቻ ነው። «እስቲ ልየው» እያሉ በየሳምንቱ መፍታት ነቀዙን አየር መመገብ ነው።

ሁለተኛው መንገድ አገልግሎት ነው። ደንበኛዋ አተሯንና ቅመሟን ራሷ ታመጣለች፤ መምህርቷ ለቅማ፣ ቆልታ፣ ከክታ፣ ቀላቅላና አስፈጭታ ሽሮ አድርጋ ትመልሳለች። የእጅ ዋጋዋን በኪሎ 20 ብር ብንል፣ 90 ኪሎ ሽሮ 1,800 ብር ያስገኛል። ሥራው 30 ሰዓት ቢፈጅ በሰዓት 60 ብር ነው። ከሦስቱ ዝቅተኛው ይህ ነው፤ ያውም 12 ሰዓት ብቻ ላላት ሰው ሁለት ሳምንት ተኩል ነው። ታዲያ ምን ይጠቅማል? ካፒታል አይጠይቅም፤ እህሉ የሰው ስለሆነ ዋጋ ቢወድቅ ኪሳራው የእሷ አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማን እንደሚያዝ፣ ማን በሰዓቱ እንደሚከፍል፣ የሽሮዋን ጣዕም ማን እንደሚወደው ታውቅበታለች። ለዚህ ከዐቢይ ጾም በፊት ካሉት ሳምንታት የተሻለ ጊዜ የለም።

ሦስተኛው መንገድ ሠርቶ መሸጥ ነው። አንድ ኩንታል አተር ተለቅሞና ተከክቶ 80 ኪሎ ይውጣው እንበል፤ ቅመሙ ሲገባበት 90 ኪሎ ሽሮ ይሆናል። አተሩ 8,000፣ ቅመሙ 2,000፣ ወፍጮ፣ ማገዶና ላስቲክ 700፤ በድምሩ 10,700 ብር። ኪሎው በ150 ቢሸጥ 13,500 ይገባል፤ 2,800 ብር ይተርፋል። 30 ሰዓቱን ራሷ ከሠራችው በሰዓት 93 ብር ገደማ ነው፤ ገዝቶ ከመሸጥ በእጅጉ ያንሳል።

አሁን ግን መቁላቱንና መከካቱን ባልትና ለምታውቅ ሴት ከፍላ ታሠራው እንበል፤ 1,500 ብር። ለራሷ 1,300 ይቀራታል፤ የእሷ ሥራ መግዛት፣ ጣዕሙን መቆጣጠርና ማድረስ ብቻ ስለሚሆን 6 ሰዓት ይበቃዋል። በሰዓት 217 ብር ያህል ሆነ ማለት ነው። ከመጀመሪያው መንገድ ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። ልዩነቱ ግን ብሩ በየወሩ መመለሱ ላይ ነው። በሰባት ወር ሰባት ጊዜ ስትሠራ 9,100 ብር ታገኛለች፤ ያውም በ12,200 ብር መነሻ ብቻ። ቀሪው ብሯ ለክፉ ቀን እጇ ላይ ነው።

ይህን መንገድ የሚገድለው ምንድን ነው? በእኛ ከተሞች ዱቤ ነው። ገዢዎቿ የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ «ደመወዝ ሲወጣ» ይሏታል። ከ90 ኪሎው 30ው በዱቤ ሄዶ ካልተመለሰ 4,500 ብር ቀረ፤ ከኩንታሉ ሙሉ ትርፍ ይበልጣል። ለዚህ ነው ከዱቄቱ በፊት የከፋዮቹን ዝርዝር ማወቅ ያለባት፤ ያንን የሚያስተምራት ደግሞ አገልግሎቱ ነው። ሌላው ወፍጮው ነው። በርበሬ ከተፈጨ በኋላ ወዲያው የገባ ሽሮ ጣዕሙ ይለወጣል፤ ተራውን ጠይቆ መሄድ ነው። መብራት የሚጠፋበትንም ቀን አስቦ ትእዛዝ መቀበል ይገባል።

የገበያ ቀንም ሰዓታችሁ ውስጥ ይግባ። አርብ ገበያ ስሟ እንደሚነግረን ገበያዋ የዓርብ ነው፤ ዓርብ ደግሞ የሥራ ቀን ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ያለው ከ5፡30 እስከ 7፡30 ያለው የምሳ ሰዓት ብቻ ነው። በዚያ ሁለት ሰዓት ሃያ ፍሬ እየሰነጠቁ ሦስት ኩንታል መግዛት አይቻልም። እዚያ ያለ ሰው ወይ የሚያምነው ገዢ ወኪል ይኑረው፣ ወይ ከገበሬው ቤት ቅዳሜና እሑድ ይግዛ፤ አለዚያ ይህ መንገድ የእሱ አይደለም።

እንግዲህ ምርጫዬን ብትጠይቁኝ ቅደም ተከተሉን ነው የምነግራችሁ። በአገልግሎት ጀምሩና ለሁለት ወር ደንበኛችሁን እወቁ። ከዚያ ጥሬ ገንዘብ ለሚከፍሉት ብቻ አንድ ኩንታል ሠርታችሁ ሽጡ፤ ጉልበቱን ክፈሉበት፤ ሥራው ቋሚ ሲሆንም ከወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ፈቃዱን አውጡ። ገዝቶ ማስቀመጡን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ያም እስከ ሐምሌ ፈጽሞ በማትፈልጉት ብር ብቻ ይሁን። በሁለት ወር ውስጥ አምስት ታማኝ ከፋይ ካላገኛችሁ ሽሮው አይሸጥላችሁም ማለት ነው፤ የጠፋባችሁ ግን ጥቂት ቅዳሜ እንጂ 12,200 ብር አይደለም።