በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ስላልጠራ ጥያቄ
ለተግባር ልምምድ የሚቀርቡ ተማሪዎችን ዝግጅት በሚመለከት የተደረገ ንግግር



የምሕንድስና ተማሪ ለተግባር ልምምድ ሲያመለክት ድርጅቱ በሌላ ከተማ፣ አንዳንድ ጊዜም በሌላ አገር የሚገኝ ከሆነ ዛሬ የሚጠየቀው በቪዲዮ ነው። ከጠያቂዎቹም መካከል በዚህ አዳራሽ የተቀመጡ መሐንዲሶች አይታጡም። ስለሆነም የሚከተለው ቃል ተማሪዎችን የሚያዘጋጁትንም የሚጠይቁትንም ይመለከታል።

በቪዲዮ የሚቀርብ ጥያቄ በሦስት ምክንያት ሳይጠራ ሊቀር ይችላል። አንደኛው ድምፁ በመንገድ ሲቆረጥ ነው። ሁለተኛው ድምፁ ደርሶ ቃሉ ለተማሪው እንግዳ ሲሆን ነው። ሦስተኛው ቃሉ ሁሉ ተሰምቶና ታውቆ፣ ጥያቄው ራሱ ለመልስ የሚያበቃ መረጃ ሳይዝ ሲቀር ነው። የሦስቱ መድኃኒት ለየብቻ ሆኖ ሳለ ብዙው ተማሪ ለሦስቱም «ይቅርታ፣ ይድገሙልኝ» ይላል። ያልተሟላ ጥያቄ ግን ቢደገምም ያው ያልተሟላ ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት እንከን በአብዛኛው የሚወገደው ከቃለ መጠይቁ በፊት ነው። ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳ ያለው ክፍል ድምፅን እየመለሰ ቃላትን ያደበላልቃል፤ መጋረጃና አልጋ ያለበት ክፍል ይሻላል። በክረምት የቆርቆሮ ጣራ ሥር የተቀመጠ ተማሪ ዝናቡ ሲጀምር መስማትም መሰማትም አይችልም። ከኮምፒዩተሩ ድምፅ ማጉያ ይልቅ ባለሽቦ የጆሮ ማዳመጫ መጠቀም ይበጃል፤ አለዚያ የገደል ማሚቶውን ለማጥፋት የሚሠራው ፕሮግራም ሁለቱ ወገኖች እኩል ሲናገሩ የአንዱን ቃል መጀመሪያ ይቆርጠዋል። መስኮት ከጀርባ ከሆነ ካሜራው ራሱን ለብርሃኑ አስተካክሎ ፊትን ያጠቁራል፤ ስለዚህ ብርሃን ከፊት ለፊት ይሁን።

መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩ በባትሪው ይቆያል፤ መስመሩን የሚያከፋፍለው መሣሪያ ግን ወዲያውኑ ይሞታል። ይህን ብዙዎች የሚያስታውሱት ከጠፋ በኋላ ነው። የሞባይል ስልክ ኢንተርኔት በመጠባበቂያነት መያዝ፣ ይህንንም ከዋዜማው በዚያው ሰዓት መሞከር ያስፈልጋል፤ የመስመሩ ጭነት ከሰዓት ሰዓት ይለያያልና። መስመሩ ሲደክም መጀመሪያ የሚጠፋው ምስሉ ይሁን። ድምፅ ብቻውን በሰከንድ ከ100 ኪሎቢት በታች ሲበቃው፣ ጥሩ ምስል የዚያን ብዙ እጥፍ ይፈልጋል። «መስመሩ ስለደከመ ምስሉን አጥፍቼ በድምፅ ልቀጥል» ብሎ ማስታወቅ ነውር የለበትም።

ሰዓትም ይጣራ። በቀጠሮ ላይ «3 ሰዓት» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ለአገር ሰው ግልጽ ሲሆን ለውጭ ሰው አይደለም። ጠያቂው ጀርመን አገር ከሆነ ደግሞ፣ በዚያ ሰዓት በማርችና በኦክቶበር መጨረሻ እሑዶች ስለሚለወጥ፣ በርሊን ከአዲስ አበባ ያላት ልዩነት በክረምታቸው 2 ሰዓት፣ በበጋቸው 1 ሰዓት ነው።

ስለ ንግግር ፍጥነት የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ «ረጋ በል» የሚል ነው። ምክንያቱ ግን እምብዛም አይነገርም። ሰዎች ፊት ለፊት ሲነጋገሩ በአንዱ ቃል ማብቂያና በሌላው መጀመሪያ መካከል ያለው ፋታ ወደ 0.2 ሰከንድ ይጠጋል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ በአንድ አቅጣጫ ከ0.15 ሰከንድ በላይ ባይዘገይ ይመክራል፤ በደካማ መስመር ግን መዘግየቱ ከዚህ ያልፋል። ሄዶ መመለሱ ሲደመር ፋታው ከተለመደው እጥፍ በላይ ይሆናል። ተማሪው ጠያቂው የጨረሰ መስሎት ይጀምራል፤ ጠያቂው ደግሞ ዝም የተባለ መስሎት ጥያቄውን ማብራራት ይጀምራል፤ ሁለቱም ይጋጫሉ። ከጥያቄው ማብቂያ በኋላ በልብ አንድ ሰከንድ ቆጥሮ መጀመር ይህን ያስቀራል። ረዘም ላለ ጊዜ ማሰብ ሲያስፈልግ ግን ዝም ማለት አይገባም፤ በቪዲዮ ዝምታና የተቋረጠ መስመር አይለዩምና። «ላስላው፤ ዐይኔ ወረቀት ላይ ነው» ማለት ዝምታውንም አቀርቅሮ የማንበብ ጥርጣሬንም ያስወግዳል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ዓይነት እንለፍ። ለምሳሌ ያህል አንዲት የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ በአንድ የውኃ ሥራ ድርጅት ለልምምድ ቀርባ እንዲህ ተጠየቀች እንበል፦ «እያንዳንዳቸው 15 ኪሎዋት የሆኑ ሦስት የፓምፕ ሞተሮች አሉ። ምን ያህል ጄኔሬተር ይበቃል?» የችኮላው መልስ 45 ነው፤ ስሕተትም ነው። ብቃቱ 90 በመቶ፣ የኃይል ፋክተሩ 0.85 የሆነ ባለ 15 ኪሎዋት ሞተር ወደ 20 ኪሎቮልት አምፔር ገደማ ይስባልና፣ ሦስቱ ሲሠሩ 60 ይሆናል። ሞተር በቀጥታ ሲነሣ ግን የሥራ ጅረቱን 6 እጥፍ ያህል ይስባል። ሦስቱ በአንድ ጊዜ ከተነሡ 360፣ በየተራ ከተነሡ በመጨረሻው መነሻ ላይ 160 ገደማ ይጠየቃል። መነሻው ኮከብ ዴልታ ከሆነ ደግሞ የመነሻው ድርሻ ወደ ሢሶው ይወርድና ድምሩ 80 ይሆናል። ከ60 እስከ 360 የሚዘረጋ መልስ ያለው ጥያቄ ገና አልተጠየቀም ማለት ነው።

ተማሪዋ «ጥያቄው አልገባኝም» ብትል ሐሰት ትናገራለች፤ ገብቷታልና። የሚሻለው የሰማችውን መልሳ ተናግራ የጎደለውን በስሙ መጥራት ነው፦ «ሦስት ሞተሮች፣ እያንዳንዳቸው 15 ኪሎዋት እንደ ሆኑ ሰምቻለሁ። መልሱ በሁለት ነገር ይለወጣል። ሞተሮቹ የሚነሡት በአንድ ላይ ነው ወይስ በየተራ? ቦታውስ ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ነው?»

ጠያቂው «በየተራ ነው፤ ቦታው 2,800 ሜትር ነው፤ የቀረውን አንቺ ገምቺ» አላት እንበል። ከዚህ በኋላ ሌላ መጠየቅ መልስን እንደ መሸሽ ይቆጠርባታል። ስለዚህ «መነሻው ኮከብ ዴልታ ነው ብዬ እወስዳለሁ» ብላ ትገባበታለች። የመነሻው ጭነት የሚከብደው በአልተርኔተሩ ላይ ሲሆን 80 ይበቃል። ከፍታው የሚያዳክመው ግን የናፍጣ ሞተሩን ነው፤ ያለ ተርቦ የሚሠራ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ያጣልና በዚያ ቦታ ሩቡን ያህል ይቀንሳል። ፓምፖቹ በሥራ ላይ 50 ኪሎዋት ስለሚፈልጉ፣ በባሕር ወለል የ67 ኪሎዋት አቅም ያለው መሆን አለበት። ባለ 80ው በ0.8 የኃይል ፋክተር 64 ብቻ ስለሚሰጥ አይበቃም፤ ቀጣዩ ባለ 100 ይመረጣል። «ትክክለኛው ቅናሽ ከፋብሪካው ሠንጠረዥ መታየት አለበት» ብላ ታቆማለች። ይህን ሁሉ ለመናገር ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፤ በየመካከሉም ጠያቂው የሚገባበት ፋታ መተው አለበት።

ጠያቂው ቁጥሮቹን ያስቀረው ሆን ብሎ ይሁን ዘንግቶ ተማሪዋ ማወቅ አያስፈልጋትም። ጠያቂው ግን ማወቅ አለበት፤ ዘንግቶ ከሆነ ዝም ብላ 45 ያለችውን ተማሪ የጣላት የራሱ ጥያቄ ነው።

ቀጥሎ ጠያቂው «ሶፍት ስታርተር ቢሆንስ?» ቢላት ሁለተኛው ዓይነት መጣ። «ስሙን ሰምቻለሁ፤ አሠራሩን አላጠናሁም። ቮልቴጁን ቀስ በቀስ እያሳደገ የሚያስነሣ መሣሪያ ማለትዎ ነው?» ማለት ያስኬዳል፤ ግምቱ ትክክል ከሆነ መልሷን ከዚያ ትቀጥላለች። በዚህ መካከል ድምፁ ቢቆረጥ ደግሞ «ይድገሙልኝ» ከማለት ይልቅ እስከ የት እንደ ሰማች ትናገር፦ «‹ቫልቩ ተዘግቶ› እስካሉት ድረስ ተሰምቶኛል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው አልደረሰኝም።» ጠያቂውም የሚደግመው የቀረውን ብቻ ይሆናል።