ልዩነቶቹ ሲደመሩ ዜሮ መጣ?

አቅራቢ፦ መልመጃ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰንጠረዥ የአምስት ተማሪዎች ውጤት ተሞልቶበታል፦ 4፣ 6፣ 7፣ 8 እና 10። ድምሩ 35፣ ለ5 ሲካፈል አማካዩ 7። ልክ መሆኑን ለማየት ከእያንዳንዱ ውጤት ላይ 7 ቀንሱ፦ ኔጌቲቭ 3፣ ኔጌቲቭ 1፣ 0፣ 1፣ 3። ሲደመሩ ዜሮ! አማካዩን 6.8 ያለ ሰው ድምሩ 1 ይመጣበታል፤ 1 ለ5 ሲካፈል 0.2፣ የሳተውም በዚያው ልክ ነው። ከሰንጠረዡ ሲገለበጥ የተሳሳተ ቁጥርን ግን ይህ ዘዴ አይዝም፤ እሱን ዓይን እንጂ ሒሳብ አያገኘውም።

(አጭር ሙዚቃ)

ስርጭቱስ? ልዩነቶቹን በራሳቸው አባዝታችሁ ስትደምሩ 20 ይመጣል። ለ5 ሲካፈል 4፣ ስኩዌር ሩቱ 2፤ መደበኛ ልይይቱ ይኸው ነው። አሁን በሌላ በር ግቡ፦ ውጤቶቹን ራሳቸውን በራሳቸው አባዝታችሁ ደምሩ፣ 265። ለ5 ሲካፈል 53፤ የአማካዩን ስኩዌር፣ 49ን፣ ስትቀንሱ ያው 4።

ካልኩሌተሩ 2.24 ካለ አትደንግጡ፤ 20ን ያካፈለው ለ4 ነው። አምስቱ ከብዙ ተማሪዎች የተወሰዱ ናሙና ከሆኑ የሚሠራው እሱ ነው፤ ክፍሉ በሙሉ እነሱ ብቻ ከሆኑ ግን 2ን ጻፉ።