ሁለተኛውን ግማሽ ማፍጠን

ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2008 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲጨርስ፣ የመጀመሪያው ግማሽ ከ62 ደቂቃ ጥቂት አለፍ ያለ፣ ሁለተኛው ግን ከ62 ያነሰ ነበር። ይህን አሯሯጥ ለግማሽ ማራቶን እናስላው።

21 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሰዓት ከ45 መግባት ፈለጋችሁ እንበል። የመጀመሪያዎቹን 10 ኪሎ ሜትሮች እያንዳንዱን በ5 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ሩጡ፤ 50 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። ቀጣዮቹን 6 በ4 ደቂቃ ከ58፣ የቀረውን በ4 ደቂቃ ከ50 ስትሮጡ ከ1፡45 ጥቂት ሰከንዶች ቀድማችሁ ትገባላችሁ። በፍጥነቶቹ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ መሆኑን ልብ በሉ። መጀመሪያ ላይ በጣም የዘገየ ሰው የባከነውን ጊዜ መልሶ አያገኘውም።

ከባዱ ነገር የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ነው። እግር ትኩስ ነው፣ ሰውም ይገፋፋል። ፈጥኖ የጀመረ ሰው በጡንቻው ያጠራቀመውን ስኳር ቶሎ ይጨርስና ከ16ኛው በኋላ እግሩ ይከብደዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ 5ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጡ መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል።

በአሽቀሎን ባሕር ዳር ስትለማመዱ ነፋሱን አስተውሉ። ስትሄዱ ከኋላ ከገፋችሁ፣ ስትመለሱ ፊታችሁን ይመታል፤ ያኔ ሰዓቱን ትታችሁ ትንፋሻችሁን ተከተሉ። ሙቀቱና እርጥበቱ ሲበረታ ደግሞ ላብ ቶሎ አይደርቅም፣ ልብም በዚያው ፍጥነት አብዝቶ ይመታል። በእንዲህ ያለ ቀን 1፡45ን ተዉትና ቀለል ያለ ሰዓት አቅዱ።