የአቧራው ብናኝና የቅባቱ ብልጭታ

በጉለሌ ክፍለ ከተማ የክረምቱ ዝናብ መስከረም ላይ ካባራ በኋላ በሚከተሉት ደረቅ ወራት፣ ከግንባታ ቦታዎች፣ ካልተነጠፉ የውስጥ ለውስጥ መንገዶችና በእንጦጦ ግርጌ ከሚገኙ ገላጣ ቦታዎች የሚነሣው አቧራ በበርና በመስኮት እየገባ በቤት ውስጥ ተክሎች ቅጠል ላይ ያርፋል። በደጅ የበቀለ ዛፍ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይታጠባል፤ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ተክል ግን ከሰው እጅ በቀር አጣቢ ስለሌለው፣ ያረፈበት ብናኝ እየተደራረበ ይቆያል።

ይህ ብናኝ ለተክሉ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቅጠል በውስጡ ባለው ሐመልሚል፣ ማለትም አረንጓዴ ቀለም በሚሰጠው ንጥረ ነገር፣ ብርሃንን ተቀብሎ ከውኃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ምግቡን ያዘጋጃል፤ ይህም ሂደት ብርሃን አስተፃምሮ ይባላል። አቧራ ደግሞ ብርሃኑ ቅጠሉ ውስጥ ሳይደርስ ከፊሉን ወደ አየር ይመልሰዋል፣ ከፊሉንም ራሱ ያስቀረዋል። በጠራራ ፀሐይ ላይ ላለ ዛፍ ይህ ጉድለት ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው፤ የቀትር ፀሐይ ብርሃን 100,000 ሉክስ ገደማ ስለሚደርስ፣ ሉክስም በአንድ ገጽ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ ስለሆነ፣ ቅጠሉ ሊጠቀምበት ከሚችለው በላይ ብርሃን አለውና ጥቂት ቢቀነስበት ብዙም አይጎዳውም። በቤት ውስጥ ያለው ሒሳብ ግን የተለየ ነው።

ለአብነት ያህል፣ ከመስኮት ሁለት ሜትር ርቆ የቆመ የጎማ ዛፍ 500 ሉክስ ያገኛል እንበል። ተክል ምግብ ከማዘጋጀቱ ጎን ለጎን ሌሊትና ቀን ስለሚተነፍስ ያዘጋጀውን ምግብ ከፊሉን ያወጣዋል፤ ገቢና ወጪው እኩል የሚሆኑበት የብርሃን መጠን የማካካሻ ነጥብ ይባላል። የዚህ ተክል የማካካሻ ነጥብ 300 ሉክስ ቢሆን፣ ለዕድገት የሚተርፈው የ200 ሉክስ ያህል ነው። አሁን አቧራው ከብርሃኑ አንድ አምስተኛውን ቢከለክል፣ ለቅጠሉ የሚደርሰው 400 ሉክስ ይሆናል፤ ትርፉም ከ200 ወደ 100 ይወርዳል። የብርሃኑ ጉድለት አንድ አምስተኛ ሆኖ ሳለ የትርፉ ጉድለት ግማሽ ሆነ ማለት ነው። በአንጻሩ ተክሉ የቆመበት ቦታ ራሱ ከ300 ሉክስ በታች የሚያገኝ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ቢወለወል ቅጠሉን እያረገፈ መመንመኑ አይቀርምና፣ መድኃኒቱ ጨርቅ ሳይሆን ወደ መስኮቱ ማስጠጋት ነው።

እንደ ጎማ ዛፍ ሰፊና ለስላሳ ቅጠል ያላቸውን ተክሎች ለማጽዳት ለብ ያለ ወይም ቤት ውስጥ የሰነበተ ውኃ፣ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃል። አቧራው ወፍራም ከሆነ አስቀድሞ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል፤ ደረቅ አሸዋማ ብናኝ በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽ የቅጠሉን ገጽ ይፍቃልና። ከዚያም አንድ መዳፍ ከቅጠሉ ሥር ተዘርግቶ እንዲደግፈው ተደርጎ፣ ጨርቁ ከቅጠሉ መነሻ ወደ ጫፉ ይሳባል፤ በየመሐሉም ጨርቁ ይታጠባል። የቅጠሉ የታች ገጽ መዘለል የለበትም፤ ድርቀትና አቧራ የሚመቻቸው፣ በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ ሸረሪት መሰል ተባዮች ድራቸውን የሚያደሩት በዚያ በኩል ነው። ሥራው ጠዋት ቢሠራ ቅጠሉ ከመምሸቱ በፊት ይደርቃል። ውኃው ሲደርቅ ነጭ ክብ ምልክት የሚተው ከሆነ፣ ያ በውኃው ውስጥ የነበረ ካልሲየም ነው፤ የዝናብ ውኃ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘና ዝቃጩ የተለየ ውኃ ይህን ምልክት ይቀንሳል። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና ግን የቅጠሉን ሰም ስለሚያጥብ መግባት የለበትም።

ሰም የተባለው ነገር ማብራሪያ ይፈልጋል። የቅጠል ገጽ ኩቲክል በሚባል፣ ውኃ በማያሳልፍ ስስ ሽፋን የተሸፈነ ሲሆን፣ በላዩም ተክሉ ራሱ የሚያመነጨው ሰም አለ። ይህን ሰም በዓይን ለማየት የሚሻ ሰው ከጉለሌ መውጣት አያስፈልገውም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባውና እንጦጦን የሞላው ነጭ ባሕር ዛፍ፣ ለጋ ቅጠሉ ሰማያዊ ቅልቅል ያለው አመድማ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ በጣት ሲታሽ ዱቄቱ ይለቅቅና ከሥሩ ጥቁር አረንጓዴ ገጽ ይወጣል። ያ ዱቄት አቧራ ሳይሆን ሰም ነው። ሁለቱን ለመለየት የሚያገለግለው ምልክት ደግሞ ግልጽ ነው፦ አቧራ ቡናማ ሆኖ በላይኛው ገጽና በቅጠሉ ጅማቶች ስርጉድ ውስጥ ይከማቻል፤ ሰሙ ግን ከላይም ከታችም፣ በለጋው ግንድም ላይ ሳይቀር ወጥ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለ ሰም ያላቸው ተክሎች በጨርቅ ሊታሹ አይገባም፤ ውኃ ቢርከፈከፍባቸው ይበቃቸዋል። እንደ አፍሪካን ቫዮሌት ያሉ ጸጉራማ ቅጠሎችም ጨርቅ አይስማማቸውም፤ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ይጸዳሉ።

የቅጠል ማብረቂያ ተብለው የሚሸጡት ፈሳሾችና የሚነፉ ጣሳዎች፣ እንዲሁም በየቤቱ የሚሞከሩት የምግብ ዘይትና ወተት፣ ችግር የሚፈጥሩት በዚሁ ገጽ ላይ ነው። የብዙዎቹ ማብረቂያዎች መሠረት ከነዳጅ የሚወጣ ዘይት፣ ሲሊኮን ወይም ሰም ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ክስ ቅጠሉን ያፍናሉ የሚል ሲሆን፣ ይህ በከፊል ብቻ ትክክል ነው። ቅጠል አየር የሚያስገባባቸው ስቶማታ የሚባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ በጎማ ዛፍና በብዙዎቹ የቤት ተክሎች ላይ የሚገኙት በታችኛው ገጽ ነው፤ ስለዚህ ላይኛውን ገጽ ብቻ የነካ ቅባት ብዙ ቀዳዳ አይደፍንም። በጣሳ የሚነፋው ግን የታችኛውንም ገጽ ስለሚያገኝ ክሱ በእሱ ላይ ይጸናል፤ ጣሳው ተጠግቶ ሲነፋ ደግሞ ገፊው ጋዝ በፍጥነት ሲተን የሚፈጥረው ቅዝቃዜ ቅጠሉን ያቆስለዋል።

በላይኛው ገጽ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በሌላ መንገድ ይመጣል። ዘይቱ የተክሉን ሰም ያለሰልሳል፤ ኩቲክሉ ገና ባልጠነከረ ለጋ ቅጠል ላይ ደግሞ ወደ ውስጥ ዘልቆ ሕዋሳቱን ይጎዳል። የግብርና ባለሙያዎች ተባይ ለመግደል የሚረጩት ዘይት በአብዛኛው በውኃ ተበጥብጦ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ ያም ቢሆን በኃይለኛ ፀሐይ እንዳይረጭ ይመከራል፤ በጨርቅ የሚቀባው የምግብ ዘይት ግን ምንም ያልተበረዘ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነው በጉለሌ ከፍታ የፀሐዩ ጨረር ብርቱ በመሆኑ፣ ተቀብቶ መስኮት ዳር የተቀመጠ ቅጠል ቡናማ የተቃጠለ ንጣፍ ሊያወጣ ይችላል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ቅባቱ የሚጣበቅ መሆኑ ነው፦ በመጀመሪያው ቀን የሚያብረቀርቀው ቅጠል አዲስ የሚያርፈውን አቧራ ይዞ ያስቀራል፤ ድብልቁም በደረቅ ብሩሽ የማይራገፍ ቅርፊት ይሆናል። ወተት ሲሆን ደግሞ በውስጡ ያለው ስኳርና ፕሮቲን ሻጋታ ያበቅላል።

አስቀድሞ የተቀባ ቅጠል በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ተደርጎ፣ አፈሩ በፌስታል ከተሸፈነ በኋላ፣ ሳይታሽ በቀስታ ይወለወላል፤ ከዚያም በንጹሕ ውኃ ሁለት ጊዜ ይለቀለቃል። ይህ ከጥቂት ቀናት ልዩነት ጋር መደገም ሊኖርበት ይችላል። የተቃጠለው ንጣፍ ግን ወደ አረንጓዴነት አይመለስም፤ ያረጀ ቅጠልም የተፋቀ ሰሙን እንደ ቀድሞው አድርጎ መልሶ አይሠራም። ከቅርንጫፉ ጫፍ የሚወጣው አዲስ ቅጠል ብቻ ሰሙን አሟልቶ ያድጋል፤ የጎማ ዛፍ አዲስ ቅጠልም ማንም ሳይቀባው ያብረቀርቃል።